የኤክሴል ፋይላችን ለምን ያዘግማል?

በብዙ ቢሮ ውስጥ ሠራተኛው ሊከፍተው የሚሳቀቅበት አንድ የኤክሴል ፋይል አይጠፋም። አንድ ቁጥር ጽፎ Enter ሲነካ ጠቋሚው መዞር ይጀምራል፤ ከላይ Not Responding የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ባለጉዳዩም ሠራተኛውም ፊት ለፊት ተያይተው ይጠብቃሉ። በኢሜይል ልላከው ቢሉ ከሚፈቀደው መጠን በላይ ሆኖ ይመለሳል። ፋይሉ ሲጀመር ግን እንዲህ አልነበረም።

ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በኮምፒውተሩ ላይ ነው። ራም ይጨመራል፣ ቫይረስ ይፈለጋል፣ አዲስ ላፕቶፕ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ሆኖ ፋይሉ ያው እንደሆነ ይቀራል፤ ምክንያቱም ሸክሙ ያለው በራሱ በፋይሉ ውስጥ ነው። ሸክሙን የሚያመጡት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ በየጊዜው እንደገና የሚሰሉ ፈንክሽኖች፣ አንድን ዓምድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጠሩ ፎርሙላዎች፣ እንዲሁም ምንም ሳይጻፍባቸው ፎርማት የተደረጉ ባዶ ሴሎች። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ብዙ ላይጎዱ ይችላሉ። አንድ ፋይል ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባዛል።

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ፋይል በምናባችን እናዘጋጅ። ፋይሉ የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ነው እንበል። ከሐምሌ እስከ ሰኔ 12 የወር ሺቶች አሉት፤ የጳጉሜን ሽያጭ ከነሐሴ ጋር ይመዘገባል። እያንዳንዱ ሺት 8 ዓምድ ሲኖረው በወር ወደ 1,000 ረድፍ ይሞላል። በዓምድ A የመድኃኒቱ ስም፣ በዓምድ F የወጣው ብዛት ይጻፋል። «ማጠቃለያ» የሚባለው ሺት 600 መድኃኒቶችን ይዘረዝራል፤ በ B1 ላይ የወሩ ስም ሲጻፍ በዚያ ወር ከየመድኃኒቱ ስንት እንደወጣ ያሳያል። «ክምችት» የሚባለው ሺት ደግሞ የእያንዳንዱን መድኃኒት የማብቂያ ቀን ይዞ ስንት ቀን እንደቀረው ያሰላል።

ይህ ብዙ ዳታ አይደለም። በዓመት 12,000 ረድፍ ለኤክሴል ቀላል ነው። ታዲያ ፋይሉ ለምን ይንቀራፈፋል?

ሁልጊዜ የሚሰሉት

ኤክሴል በተለመደው አሠራሩ ሥራ የሚቆጥብ ፕሮግራም ነው። የትኛው ሴል በየትኛው ላይ እንደሚመረኮዝ መዝግቦ ይይዛል። አንድ ቁጥር ሲቀየር የሚያሰላው ያንን ቁጥር የሚጠቀሙትን ሴሎችና እነሱን ተከትለው የሚመጡትን ብቻ ነው። የቀረው ፋይል አይነካም።

ይህን ቁጠባ የሚያፈርሱ ጥቂት ፈንክሽኖች አሉ። በባለሙያዎች ዘንድ ቮላታይል ይባላሉ። በብዛት የምናገኛቸው TODAY፣ NOW፣ RAND፣ RANDBETWEEN፣ OFFSET እና INDIRECT ናቸው። እነዚህ ያሉበት ሴል ምንም ያልተቀየረ ቢሆንም፣ በፋይሉ ውስጥ የትም ቦታ ላይ አንድ ነገር በተጻፈ ቁጥር እንደገና ይሰላል። ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ አብሮ ይሰላል። ሌላ ፋይል ጎን ለጎን ተከፍቶ እዚያ ቢጻፍ እንኳ ስሌቱ ይቀሰቀሳል። አንድ ክኒን በተሸጠ ቁጥር መጋዘኑን በሙሉ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሮ እንደሚቆጥር ዕቃ ግምጃ ቤት ማለት ነው።

እነዚህ ፈንክሽኖች በከንቱ አልተሠሩም። TODAY ቀኑ ሲለወጥ ማወቅ አለበት። INDIRECT የሚሄድበትን አድራሻ የሚያገኘው ከጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ኤክሴል የመመርኮዣ መዝገቡን አይቶ «ይህ ፎርሙላ ከዚህ ሴል ጋር ይገናኛል» ብሎ አስቀድሞ መወሰን አይችልም። አማራጩ ሁልጊዜ ማስላት ብቻ ነው።

በምሳሌያችን ፋይል «ማጠቃለያ» ላይ ያለው ፎርሙላ ይህን ይመስላል፦

```
=SUMPRODUCT(--(INDIRECT("'"&$B$1&"'!A:A")=A5),INDIRECT("'"&$B$1&"'!F:F"))
```

ሐሳቡ ጎበዝ ነው። B1 ላይ «ጥቅምት» ሲባል ወደ ጥቅምት ሺት ይሄዳል፣ «ኅዳር» ሲባል ወደ ኅዳር። ነገር ግን ፎርሙላው በ600 ረድፍ ላይ ተደጋግሟል፤ INDIRECT ስላለበትም 600ውም በእያንዳንዱ Enter ይሰላሉ። የመጋዘን ሠራተኛው በ«ክምችት» ሺት ላይ የአቅራቢ ስልክ ቁጥር ቢያርም እንኳ የጥቅምት ወጪ በሙሉ እንደገና ይደመራል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ

አሁን ፎርሙላው ውስጥ ያለውን A:A እንመልከት። ትርጉሙ «ዓምድ A በሙሉ» ነው። ከኤክሴል 2007 ወዲህ አንድ ሺት 1,048,576 ረድፍ አለው፤ ከዚያ በፊት 65,536 ብቻ ነበር። ያኔ ልብ የማይባለው ልማድ አሁን ዋጋው ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓምድን በሙሉ መጥራት ሁሌም ጥፋት ነው ማለት ግን አይደለም። SUM፣ SUMIF እና SUMIFS አዋቂ ናቸው፤ በሺቱ ላይ የተሠራበት የመጨረሻው ረድፍ የት እንደሆነ ያውቃሉ፣ ከዚያ በታች ያለውን ባዶ ሜዳ አይነኩም። SUMPRODUCT እና የድርድር ፎርሙላዎች ግን ይህ ብልሃት የላቸውም። A:A ከተባሉ ሚሊዮኑንም ሴል አንድ በአንድ ያያሉ።

በምሳሌያችን ሒሳቡን እንሥራው። አንዱ ፎርሙላ አንድ መድኃኒት ለማግኘት 1,048,576 ሴሎችን ያነጻጽራል። 600 ፎርሙላዎች ሲሆኑ ንጽጽሩ ከ629 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል፤ ማባዛቱና መደመሩ ገና አልተቆጠረም። በእውነት የተጻፈው ዳታ ግን በወር 1,000 ረድፍ ስለሆነ 600,000 ንጽጽር ይበቃ ነበር። ኤክሴል የሚሠራው ሥራ ከሚያስፈልገው ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። INDIRECT ደግሞ ይህን ሥራ በእያንዳንዱ Enter ያስደግመዋል።

ባዶ መስለው ያልሆኑ ሴሎች

የመጨረሻው ችግር ፋይሉን ከማዘግየት አልፎ መጠኑን የሚያሳብጥ ነው። ሺቱን ያዘጋጀው ሰው ወደፊት ለሚመጣው ዳታ አስቦ መስመርና ቀለም እስከ ረድፍ 100,000 ድረስ ዘርግቶታል እንበል። ለዓይን ከረድፍ 1,000 በታች ምንም የለም። ለኤክሴል ግን መስመር የተሰመረበት ሴል በሥራ ላይ ያለ ሴል ነው፤ ቁጥር ባይኖረውም ፎርማቱ መቀመጥ አለበት።

በ .xlsx የሚያልቅ ፋይል በውስጡ የታጨቁ የጽሑፍ ፋይሎች ጥቅል ነው። ቅጂ ሠርቶ የቅጂውን ስም መጨረሻ ወደ .zip ቀይሮ ለከፈተው ሰው ሺቶቹ xl/worksheets በሚል ፎልደር ውስጥ ይታያሉ። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ባዶ ግን ፎርማት ያለው ሴል እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦

```
<c r="D90000" s="3"/>
```

አንዱ ወደ 21 ፊደል ነው። በ8 ዓምድና በ100,000 ረድፍ አንድ ሺት 800,000 እንዲህ ያሉ ሴሎች ይይዛል፤ በ12 ሺት 9.6 ሚሊዮን ይሆናሉ። ይህ ከ200 ሜጋባይት በላይ ጽሑፍ ነው፤ ከውስጡ እውነተኛ ዳታ ያለው መቶኛው እጅ ብቻ ነው። ተደጋጋሚ ጽሑፍ በደንብ ስለሚጨመቅ ፋይሉ ዲስክ ላይ ከዚህ እጅግ ያነሰ ሆኖ ይታያል። በሚከፈትበት ጊዜ ግን ያ ሁሉ ተዘርግቶ መነበብ አለበት። ፋይሉን መክፈትና ሴቭ ማድረግ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። የዓምዱን ፊደል ነክቶ ዓምዱን በሙሉ ፎርማት ማድረግ ፋይሉን አያሳብጥም፤ ኤክሴል «ይህ ዓምድ እንዲህ ነው» ብሎ በአንድ መስመር ይመዘግበዋል። የሚጎዳው በማውስ ተጎትቶ እስከ አንድ ረድፍ ድረስ የሚደረገው ነው፤ በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ሴል ለየብቻ ይጻፋል።

ሦስቱ ችግሮች የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። SUMIFS የመጨረሻውን ረድፍ ያውቃል ብለናል። ነገር ግን ፎርማቱ ያንን የመጨረሻ ረድፍ ከ1,000 ወደ 100,000 ከገፋው ፈንክሽኑ የሚያስሰው ሜዳም አብሮ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ፎርሙላውን ብቻ አርሞ ባዶዎቹን ሴሎች መተው ግማሽ ጥገና ነው።

እንዴት ይታወቃል?

ፋይሉን ከመንካት በፊት የትኛው ችግር እንዳለ መለየት ይቻላል፤ ልዩ ፕሮግራምም አያስፈልግም።

በእያንዳንዱ ሺት ላይ Ctrl + End ይጫኑ። ጠቋሚው ኤክሴል የመጨረሻ ነው ብሎ ወደሚያምነው ሴል ይዘላል። ዳታው ረድፍ 1,000 ላይ አልቆ ጠቋሚው H100000 ላይ ካረፈ ሺቱ ባዶ ፎርማት ተሸክሟል።

ከዚያ ፋይሉን ሴቭ አድርገው ይዝጉት። እንደገና ከፍተው ምንም ሳይነኩ ይዝጉት። ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ከጠየቀ በአብዛኛው ውስጡ ቮላታይል ፈንክሽን አለ፤ በመክፈቻው ቅጽበት አስልቶ ነበርና። በሌላ የኤክሴል እትም የተሠራ ፋይልም አንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ሴቭ ተደርጎ እንኳ በየጊዜው የሚጠይቅ ከሆነ ግን ፈንክሽኖቹን መፈለግ ይገባል።

ፍለጋው በ Ctrl + F ነው። Options ይክፈቱ፤ Within የሚለውን Workbook፣ Look in የሚለውን Formulas ያድርጉ። ከዚያ INDIRECT( ብለው Find All ይበሉ። ከታች ስንት ሴል እንደተገኘ ይቆጥርልዎታል። በ OFFSET( በ TODAY( እና በ SUMPRODUCT( ይድገሙት። ቁጥሩ ራሱ የት መጀመር እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

በመጨረሻ ምንም ፎርሙላ የማይጠቀምበት ባዶ ሴል ላይ አንድ ፊደል ጽፈው Enter ይጫኑና ከታች ያለውን አሞሌ ይመልከቱ። Calculating የሚል ጽሑፍ ከመቶኛ ጋር ከመጣ፣ ከጻፉት ጋር የማይገናኝ ስሌት እየተካሄደ ነው።

ጥገናው

ሥራው የሚጀመረው በቅጂ ነው። ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ የዋና ዋናዎቹን ድምሮች በወረቀት ይያዙ። ከጥገናው በኋላ እነዚያው ቁጥሮች መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ፍጥነቱ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ባዶዎቹን ሴሎች ያስወግዱ። ከዳታው በታች ያለውን የመጀመሪያ ባዶ ረድፍ ቁጥሩ ላይ ነክተው Ctrl + Shift + ↓ ይጫኑ። ምርጫው መሀል ላይ ከቆመ እዚያ የተጻፈ ነገር አለና ሳያዩት አይለፉ። እስከ ታች ከደረሰ በቀኝ ጠቅታ Delete ይምረጡ። የኪቦርዱን Delete ቁልፍ መጫን አይበቃም፤ እሱ የሚያጠፋው ጽሑፉን እንጂ ፎርማቱን አይደለም። ብዙ ሰው «አጥፍቼ ነበር፣ ግን ምንም አልተለወጠም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በቀኝ በኩል ያሉትን ትርፍ ዓምዶችም እንዲሁ ያድርጉ። ፋይሉን ሴቭ አድርገው Ctrl + End ን ይድገሙ፤ ጠቋሚው ወደ ዳታው ጫፍ መመለስ አለበት።

ጥንቃቄ የሚሻው፣ ሌላ ቦታ ያለ ፎርሙላ የተወገደውን ክልል ሲጠቅስ ነው። A2:A100000 ብሎ የሚጠራ ፎርሙላ ከስረዛው በኋላ ራሱን ወደ A2:A1000 ያጥራል፤ በኋላ ከሥር የሚጨመረውን ዳታ ላያይ ይችላል። ሙሉ በሙሉ በተሰረዘው ክልል ውስጥ የነበረ አድራሻ ደግሞ #REF! ይሆናል።

በማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀሙ ሰዎች Review ከሚለው ትር ውስጥ Check Performance የሚል ትእዛዝ ያገኙ ይሆናል። ይህን የባዶ ፎርማት ጽዳት በራሱ ያግዛል። ፎርሙላውን ግን አያስተካክልም።

ፎርሙላውን ለማስተካከል የፋይሉን አቀማመጥ ራሱን መለወጥ ያስፈልጋል። INDIRECT የተጠራው 12ቱ ወሮች በ12 ሺት ስለተበተኑ ነው። ሁሉንም በአንድ ሺት ላይ ከሥር ከሥር አድርገው ይሰብስቡና «ወር» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። ከዚያ ዳታው ውስጥ ቆመው Ctrl + T በመጫን ሰንጠረዥ ያድርጉት፤ ሰንጠረዡን «ወጪ» ብለው ይሰይሙት። ማጠቃለያው እንዲህ ይሆናል፦

```
=SUMIFS(ወጪ[ብዛት],ወጪ[መድኃኒት],A5,ወጪ[ወር],$B$1)
```

B1 ላይ የወሩን ስም መጻፍ እንደ በፊቱ ይሠራል። ሰንጠረዡ አዲስ ረድፍ ሲጨመርበት ራሱ ስለሚያድግ፣ ዓምዱን በሙሉ መጥራትም ሆነ እስከ ረድፍ 100,000 መስመር ማስመር አያስፈልግም፤ መስመሩም ከረድፉ ጋር አብሮ ይወርዳል። የዓመቱ ዳታ 12,000 ረድፍ ቢሆን 600 ፎርሙላዎች በየዓምዱ 7.2 ሚሊዮን ሴል ቢያዩ ነው፤ ከ629 ሚሊዮኑ ጋር አይወዳደርም። ይህም የሚሆነው ሰንጠረዡ ወይም B1 ሲቀየር ብቻ ነው። የአቅራቢ ስልክ ማረም ከእንግዲህ ይህን ስሌት አይቀሰቅስም።

OFFSET ን በተመለከተም መፍትሔው ይኸው ነው። አብዛኛው ሰው OFFSET የሚጠቀመው በየጊዜው የሚያድግን ዝርዝር ለመከተል ስለሆነ ሰንጠረዥ ይተካዋል።

TODAY ግን ሌላ ፍርድ ይፈልጋል። በ«ክምችት» ሺት ላይ የቀሩትን ቀናት የሚያሰላው ፎርሙላ ይህ ነው፦

```
=E2-TODAY()
```

ቮላታይል ነው ተብሎ መወገድ አለበት? አንዳንዶች TODAY ን በአንድ ሴል ብቻ አስቀምጠው ሌሎቹ ወደዚያ እንዲያመለክቱ ያደርጋሉ፤ ጥገኞቹ ሁሉ አብረው ስለሚሰሉ ስሌቱ በዚህ አይቆምም። ሌላው መንገድ Ctrl + ; ተጭኖ የዕለቱን ቀን በቋሚነት መጻፍ ነው። ይህ በእርግጥ ስሌቱን ያቆማል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ጠዋት ቀኑን ማደስ ከረሳ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ገና ቀን እንዳለው ሆኖ ይታያል። ጥቂት ሺህ ቀላል መቀነሶች ለኤክሴል ምንም አይደሉም። በዚህ ፋይል TODAY ባለበት ይቆይ። መነሳት ያለበት ከባድ ፎርሙላ በእሱ ላይ ሲንጠለጠል ብቻ ነው። ቮላታይልን ሁሉ ማሳደድ ሳይሆን ቮላታይሉ ምን እንደሚያስነሳ መመልከት ይገባል።

መፍትሔ የሚመስሉት

ፋይሉ ሲከብድ Formulas ውስጥ Calculation Options ን ወደ Manual መቀየር የተለመደ ነው። በእርግጥ ፋይሉ ወዲያው ይፈጥናል፤ ያቆመው ግን ስሌቱን ነው። F9 ካልተጫነ የሚታየው ድምር የቆየ ነው፤ ያ የቆየ ድምር ታትሞ ሊፈረምበት ይችላል። ከዚህም በላይ ኤክሴል የስሌቱን ዓይነት የሚይዘው መጀመሪያ ከተከፈተው ፋይል ስለሆነ፣ በ Manual የተቀመጠ ፋይል ከተከፈተ በኋላ የሚከፈቱት ሌሎች ፋይሎችም ማስላት ያቆማሉ። በጥገና ሰዓት መጠቀም ይቻላል፤ የዕለት ሥራ ላይ መተው ግን የተሳሳተ ቁጥር መጥራት ነው።

ፋይሉን በ .xlsb ማስቀመጥ መጠኑን ሊቀንስና አከፋፈቱን ሊያፈጥን ይችላል። ባዶ ሴሎቹም ሆኑ 600 ፎርሙላዎቹ ግን እዚያው ናቸው። አዲስ ኮምፒውተርም እንዲሁ የማያስፈልገውን ሥራ በፍጥነት ከመሥራት ሌላ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

በቢሮዎ የሚያዘግም ፋይል ካለ አዲስ ማሽን ከመጠየቅዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ፎርሙላ ስንት ጊዜ ይሰላል? በአንዴ ስንት ሴል ያያል? ሺቱስ የሚያበቃው የት ነው? በምሳሌያችን የመጀመሪያው መልስ «በእያንዳንዱ Enter»፣ ሁለተኛው «ከሚሊዮን በላይ»፣ ሦስተኛው «ዳታው ካለቀበት መቶ እጥፍ ርቆ» ነበር። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማረም ፋይሉን ያሻሽለዋል፤ ሦስቱንም ማረም ያድነዋል። ዛሬ ፋይሉን ሲከፍቱ በመጀመሪያው ሺት ላይ Ctrl + End ይጫኑና ጠቋሚው የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ።